ፌስታልና የዓሣ መረብ፦ አዲሽንና ኮንደንሴሽን ፖሊመራይዜሽንን በድርሰት እንዴት እናስረዳለን?

የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባለፈው እሑድ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን የኬሚስትሪ ድርሰቷን አሳየችኝ። ዋናው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «አዲሽን ፖሊመራይዜሽን ሞኖመሮች ሲደመሩ ነው፤ ኮንደንሴሽን ደግሞ ውሃ ሲወጣ ነው።» መምህሯ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «ለምን?» ብለው ጽፈዋል።

«አጎቴ፣ ምኑ ነው የተሳሳተው?» አለችኝ። የተሳሳተ ነገር የለውም። የጎደለው ምክንያቱ ነው። ውሃው ከየት መጣ? ፌስታል ከሚሠራበት ከፖሊኢትሊንስ ለምን አልወጣም? ድርሰቱ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ከሰጠ ሌላው ራሱ ይከተላል። ያን ቀን ድርሰቱን እንደገና የሠራነው በሚከተለው መንገድ ነው።

መጀመሪያ ትርጉሙን ተዉትና ረጅሙ የፖሊመር ሰንሰለት ከሚገነባበት ትንሽ ሞለኪውል፣ ከሞኖመሩ ጀምሩ። የፖሊኢትሊን ሞኖመሩ ኢቲን ነው፣ CH2=CH2። ካርቦን አራት እጅ አለው ብላችሁ አስቡ። በኢቲን ውስጥ እያንዳንዱ ካርቦን በሁለት እጁ ሁለት ሃይድሮጅን፣ በቀሩት ሁለት እጆቹ ደግሞ ጎረቤቱን ካርቦን ይዟል። ይህ ድርብ ቦንድ ነው። ካርቦኖቹ እርስ በርስ ከተያያዙባቸው ሁለት ቦንዶች ደካማው ሲከፈት ሁለቱም አንድ አንድ ነፃ እጅ ያገኛሉ፤ በእሱም ቀጣዩን ሞለኪውል ይይዛሉ። ለመያያዝ ሲባል የተጣለ አቶም ስለሌለ የሚወጣ ነገርም የለም።

የዓሣ መረብ የሚሠራበት ናይለን 6,6 ግን ሁለት ዓይነት ሞኖመር ይፈልጋል። አንደኛው ሄክሳሜቲሊንዳይአሚን ሲሆን በሁለቱም ጫፉ NH2 አለው። ሁለተኛው አዲፒክ አሲድ ሲሆን በሁለቱም ጫፉ COOH አለው። እዚህ በሁለት ካርቦኖች መካከል የሚከፈት ድርብ ቦንድ የለም፤ የእያንዳንዱ ካርቦን እጅ ተይዟል። ስለዚህ አዲስ ቦንድ እንዲፈጠር የተያዘ ነገር መለቀቅ አለበት፦ አሲዱ OH፣ አሚኑ ደግሞ አንድ H ይለቃል። ሁለቱ ተገናኝተው H2O ይሆናሉ፤ ናይትሮጅኑና ካርቦኑ በአማይድ ቦንድ ይያያዛሉ። የመምህሯ «ለምን?» መልስ ይህ አንቀጽ ነው፤ ስለዚህ በድርሰቱ ውስጥ ሰፊውን ቦታ ስጡት። ሁለት ጫፍ የሚያስፈልገውም ለምን እንደሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ ባለ አንድ ጫፍ ሞለኪውል ከገባ ሰንሰለቱ በዚያ በኩል ይዘጋል።

ቀጥሎ እኩልታዎቹን አንዱን ከሌላው በታች ጻፉ።

```
n CH2=CH2 → –(CH2–CH2)n–

n H2N(CH2)6NH2 + n HOOC(CH2)4COOH →
H–[NH(CH2)6NHCO(CH2)4CO]n–OH + (2n–1) H2O
```

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው በመጨረሻዋ ቁጥር ላይ ነው፤ n H2O ብሎ ያልፋል። የእህቴ ልጅም እንዲሁ ጽፋ ነበር። ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው በመደዳ ሲቆሙ አስቡ፦ 200 ሰው ቢሰለፍ መያያዣው 199 ነው። n 100 ከሆነ 100 አሚንና 100 አሲድ፣ በድምሩ 200 ሞለኪውል ይሰለፋል፤ 199 ቦንድ ይፈጠራል፤ 199 ውሃ ይወጣል። 2n–1 ማለት ይኸው ነው።

ትክክል መሆኑን በሚዛን አረጋግጡ። የአሚኑ ሞለኪውላዊ ክብደት 116፣ የአሲዱ 146 ነው። ሲደመሩ 262፣ በ100 ሲባዙ 26,200። የወጣው ውሃ 199 × 18 = 3,582። የቀረው 22,618 ነው። አሁን ከሰንሰለቱ በኩል ቁጠሩ፦ ተደጋጋሚው ክፍል 226 ነው፤ በ100 ሲባዛ 22,600፣ በሁለቱ ጫፎች የቀሩት H እና OH ደግሞ 18፤ በድምሩ 22,618። ሂሳቡ ገጠመ። በፖሊኢትሊን በኩል 1,000 ኢቲን ቢያያዝ 1,000 × 28 = 28,000 ነው፤ የሚቀነስ የለም። እነዚህን ሁለት ስሌቶች ያየ አንባቢ ልዩነቱን ሌላ ሰው ሳያብራራለት ይረዳዋል። ከ262 ግራም የናይለን ሞኖመር 36 ግራም ያህል ውሃ ይወጣል፤ ግማሽ የቡና ሲኒ ገደማ።

ከዚያ በኋላ ሰንሰለቱ እንዴት እንደሚያድግ ጻፉ። ለፖሊኢትሊን አንድ መንገድ መርጣችሁ እሱን ብቻ አስረዱ፤ ለጀማሪ የሚቀለው የከፍተኛ ግፊቱ ነው። ኢቲን ከ1,000 አትሞስፌር በላይ ታምቆ ይሞቃል፤ ጥቂት ኦክስጅን ወይም ፐርኦክሳይድ ራዲካል፣ ማለትም ነፃ እጅ ያለው ንቁ ቅንጣት፣ ይፈጥራል። ራዲካሉ አንዱን ኢቲን ይከፍታል፤ አዲሱ ጫፍ ቀጣዩን ይከፍታል። ሰንሰለቱ የሚያድገው በዚያ ንቁ ጫፍ ብቻ ስለሆነ፣ ገና በጅምሩም ረጃጅም ሰንሰለቶች ካልተነካ ኢቲን ጋር አብረው ይገኛሉ።

ናይለን ላይ የትኛውም ጫፍ ተስማሚውን ጫፍ ካገኘ ይያያዛል፤ አንዱ ከአንዱ ጋር ሁለት፣ ሁለቱ ከሁለቱ ጋር አራት እየሆኑ ይገናኛሉ። ስለዚህ ረጅም ሰንሰለት የሚገኘው መጨረሻ ላይ ነው። ሁለቱ ሞኖመሮች እኩል ገብተው ከጫፎቹ 95 በመቶው እንኳ ቢያያዝ፣ አንድ ሰንሰለት በአማካይ 20 ሞኖመር ብቻ ይኖረዋል። 99 በመቶ ሲደርስ 100 ይሆናል። የአንዱ ሞኖመር መጠን ትንሽ ከበለጠ የሁሉም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሆንና ሥራው ይቆማል፤ ለዚህ ነው ፋብሪካዎች አሚኑንና አሲዱን አስቀድመው እኩል በእኩል ጨው የሚያደርጓቸው። ውሃውም መውጣት አለበት፤ ከቆየ አማይዱን መልሶ ይፈታዋል።

ምሳሌ ስትመርጡ ተጠንቀቁ። የእህቴ ልጅ በመጀመሪያ ለፖሊኢትሊን የሰጠችው ምሳሌ የሃይላንድ ጠርሙስ ነበር። ጠርሙሱ ፖሊኢትሊን ቴሬፍታሌት ነው፤ ስሙ «ፖሊኢትሊን» ብሎ ቢጀምርም ራሱ የኮንደንሴሽን ፖሊመር ነው። ፌስታል ወይም ጀሪካን ብትሉ አትሳሳቱም። በገበያ «ናይለን ገመድ» የሚባለውም ሁሉ ናይለን አይደለም። የተጣለ የመረብ ቁራጭና የፌስታል ቁራጭ በሳሙና ነካክተን፣ የተለጠፈባቸው የአየር አረፋ እንዳያንሳፍፋቸው በጣታችን አጥልቀን ውሃ በሞላ ኩባያ ለቀቅናቸው። ፌስታሉ ወጣ፤ መረቡ ሰመጠ። የፖሊኢትሊን እፍጋት ከውሃ ያንሳል፤ የናይለን ግን የውሃ 1.14 እጥፍ ገደማ ነው። የሚንሳፈፍ ገመድ ካገኛችሁ ናይለን አይደለም። ሙከራው ቁሱን ለመለየት ይረዳል እንጂ በየትኛው መንገድ እንደተሠራ አያሳይም፤ ስለዚህ በድርሰቱ ውስጥ እንደ ማስረጃ አታስገቡት።

አንድ ገደብ ግን አስገቡ። ናይለን 6 ከናይለን 6,6 የሚለይ ነው፤ ካፕሮላክታም የሚባለው ቀለበት ተከፍቶ ስለሚያያዝ በጠቅላላው ውሃ አይጥልም። ስለዚህ «ናይለን» ብቻ ብላችሁ አትተዉት፤ 6,6 መሆኑን ጻፉ።

የእህቴ ልጅ መጨረሻ ላይ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ኢቲን በድርብ ቦንዱ ውስጥ ለመያያዣ የሚሆን እጅ ስላለው ምንም ሳይጥል ይያያዛል፤ የናይለን 6,6 ሞኖመሮች ግን እጃቸው ሁሉ ስለተያዘ ለእያንዳንዱ አዲስ ቦንድ አንድ ውሃ ይለቃሉ።»