14 እና 15 ብቻ ተቀያይረው ሲቀሩ፦ የተንሸራታች ቁጥር ጨዋታ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሒሳብ ክበቡ አንድ የእንጨት ተንሸራታች ጨዋታ አለው። አራት በአራት በሆነው ፍሬም ውስጥ ከ1 እስከ 15 የተጻፈባቸው ቁራጮች አሉ፤ አሥራ ስድስተኛው ቦታ ባዶ ነው። ተጫዋቹ ከባዶው ቦታ አጠገብ ያለውን ቁራጭ እያንሸራተተ ቁጥሮቹን በተራቸው ያሰልፋል፤ ባዶውም ቦታ በመጨረሻ በስተቀኝ በኩል ታችኛው ማዕዘን ላይ መቅረት አለበት። በሰኔ ማብቂያ ዝናቡ ሲበረታ እንጨቱ እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ ቁራጮቹ አልንሸራተት ሲሉም ልጆቹ በቢላ ጫፍ ፈልቅቀው ያወጡና እንዳገኙ መልሰው ይከቷቸዋል። «መምህር፣ ጨዋታው ተበላሽቷል» የሚለው አቤቱታ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ምልክቱ

ከ1 እስከ 13 ያሉት ቁጥሮች በየቦታቸው ገብተዋል፤ ባዶው ቦታም ማዕዘኑን ይዟል፤ ነገር ግን በመጨረሻው ረድፍ 13፣ 15፣ 14 ይነበባል። ተጫዋቹ ሁለቱን ለማስተካከል ሌሎቹን ያፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል፣ ተመልሶም እዚያው ላይ ይደርሳል። ይህ የልምድ ማነስ አይደለም፤ መውጫው በእርግጥ የለም።

ምክንያቱ

አንድ ቁራጭ ሲንሸራተት የሚሆነውን ነገር በቅርብ እንየው። ቁራጩ ወደ ባዶው ቦታ ይገባል፣ ባዶውም ቁራጩ ወደ ለቀቀው ቦታ ይሄዳል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በአንድ ቁራጭና በባዶው ቦታ መካከል የሚደረግ አንድ ቅያሬ ነው። አሁን ፍሬሙን እንደ ዳማ ገበታ አንዱን ቤት ጥቁር፣ ቀጣዩን ነጭ አድርገን እንቀባው። ባዶው ቦታ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ወደ ጎረቤት ቤት ስለሚሄድ ከጥቁር ወደ ነጭ፣ ከነጭ ወደ ጥቁር ይሻገራል። ከማዕዘኑ ተነሥቶ ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ማዕዘን ከተመለሰ፣ የቱንም ያህል ረጅም መንገድ ቢሄድ፣ የተሻገረው ተጋማሽ በሆነ ቁጥር ልክ ነው፤ ስለዚህ የተደረጉት ቅያሬዎችም ቁጥራቸው ተጋማሽ ነው።

ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው አንድ ድርደራ ተጋማሽ በሆነ የቅያሬ ቁጥር የተገኘ ከሆነ ኢተጋማሽ በሆነ የቅያሬ ቁጥር ፈጽሞ ሊገኝ ስለማይችል ነው። የ14 እና የ15 መቀያየር አንድ ቅያሬ ነው፤ አንድ ደግሞ ኢተጋማሽ ነው። ስለዚህ ባዶውን ወደ ማዕዘኑ መልሶ እነዚህን ሁለቱን ብቻ ማቀያየር በማንሸራተት አይቻልም።

ግማሹ ድርደራ የማይፈታውም በዚሁ የተነሣ ነው። ባዶው ማዕዘኑ ላይ እያለ 15ቱን ቁራጮች በ1,307,674,368,000 መንገድ መደርደር ይቻላል። ከተሰለፈው ግብ ተነሥቶ ተጋማሽ በሆነ የቅያሬ ቁጥር የሚገኘውን ተጋማሽ ድርደራ፣ ሌላውን ኢተጋማሽ ድርደራ እንበለው። ከእነዚህ ማንኛውንም አንሥተን ሁለት ቁራጮችን ብናቀያይር ተጋማሹ ኢተጋማሽ፣ ኢተጋማሹም ተጋማሽ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ተጋማሽ ድርደራ አንድ ኢተጋማሽ ጓደኛ ስላለው ሁለቱ ወገኖች እኩል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1879 ጆንሰን እና ስቶሪ የተባሉ ሁለት የሒሳብ ሊቃውንት ጉዳዩን ከሁለቱም ወገን ዘግተውታል፤ የመጀመሪያው ኢተጋማሾቹ እንደማይፈቱ፣ ሁለተኛው ደግሞ ተጋማሾቹ አንድም ሳይቀር እንደሚፈቱ አሳይተዋል።

ሳይጀምሩ ማወቂያው

ሰዓት ካባከኑ በኋላ ከማዘን አስቀድሞ መቁጠር ይሻላል። መጀመሪያ ባዶውን ቦታ እያንሸራተቱ ወደ ታችኛው የቀኝ ማዕዘን ይውሰዱት፤ ይህን ካላደረጉ ባዶው ያለበትን ረድፍም ማስላት ስለሚያስፈልግ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ቁጥሮቹን ረድፍ በረድፍ እያነበቡ፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር በኋላ ከእሱ የሚያንሱ ስንት ቁጥሮች እንደሚመጡ ይቁጠሩና ይደምሩ። ትልቁ ከትንሹ ቀድሞ የተገኘበትን እያንዳንዱን ጥንድ ግልብጥ ጥንድ እንበለው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁጥሮች ሲቀያየሩ ይህ ድምር በአንድ ይጨምራል ወይም በአንድ ይቀንሳል፤ የተራራቁ ሁለት ቁጥሮችን ማቀያየርም ኢተጋማሽ ቁጥር ካላቸው የጎን ለጎን ቅያሬዎች ጋር እኩል ስለሆነ፣ ማንኛውም ቅያሬ የድምሩን ተጋማሽነት ይለውጣል። ቁጥሮቹ በተራቸው ሲሰለፉ ድምሩ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ድምሩ ተጋማሽ ከሆነ ጨዋታው ይፈታል፣ ኢተጋማሽ ከሆነ አይፈታም።

ባለፈው ክረምት አንድ ተማሪ ያመጣልኝ ድርደራ ይህ ነበር፦

```
 5  1  3  4
 2  6  8 12
 9 10  7 11
13 14 15  _
```

ከ5 በኋላ 1፣ 3፣ 4 እና 2 ስለሚመጡ አራት እንይዛለን። ከ3 በኋላ 2 አለ፤ ከ4 በኋላም እንዲሁ፤ ስለዚህ ስድስት ደረስን። ከ8 በኋላ 7 አለ፤ ሰባት። ከ12 በኋላ 9፣ 10፣ 7 እና 11 አሉ፤ አሥራ አንድ። 9 እና 10 እያንዳንዳቸው 7ን ከኋላቸው አስከትለዋል፤ አሥራ ሦስት። የቀሩት ምንም አይጨምሩም። 13 ኢተጋማሽ ነው፤ ልጁ እስከ ማታ ቢያንሸራትት የሚደርሰው 14 እና 15 ተቀያይረው ወደሚቀሩበት ቦታ ነው። ቆጠራው ተጋማሽ ቢወጣ ኖሮ «ቀጥል» ብዬ እመልሰው ነበር።

መፍትሄው

ማናቸውንም ሁለት ቁራጮች ነቅሎ አንዱን በሌላው ቦታ መክተት ይበቃል። በዚህ ድርደራ 14 እና 15 ሲቀያየሩ ድምሩ 14 ይሆናል፤ ጨዋታውም ይፈታል። ሦስት ቁራጮችን ነቅሎ በዙር ማዛወር ግን አይረዳም፤ የሦስት ዙር ሁለት ቅያሬ ነውና ተጋማሽነቱን እንደነበረ ይተወዋል። ልጆቹ «ነቅዬም አልሆነም» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ያደረጉት ይህንን ነው።

ቆጠራው ይፈታል እያለ ካልተፈታ

6ን እና 9ን ይመልከቱ። የአናጢያችን ቁራጮች ከቁጥሩ ሥር መስመር ስለሌላቸው፣ ሁለቱም ተገልብጠው ከተከተቱ 6 እንደ 9፣ 9 እንደ 6 ይነበባል። ይህ ስውር ቅያሬ ነው፤ ድምሩንም ያስታል።  እኔ አሁን በሁለቱም ሥር በሚስማር ጫፍ መስመር ፍቄባቸዋለሁ።

ቁራጭ መንቀል ካልተቻለ

አንዳንዱ ጨዋታ ቁራጮቹ በፍሬሙ ጉድጓድ ውስጥ ስለተያዙ ሳይሰበር አይነቀልም። በዚህ ጊዜ ግቡን መቀየር ይቻላል። ባዶው ቦታ በስተግራ በላይኛው ማዕዘን ሆኖ ከእሱ ቀጥሎ 1፣ 2፣ 3 እያለ እስከ 15 የሚዘልቀው ድርደራ ከተለመደው ግብ በማንሸራተት አይደረስበትም። ባዶው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲሻገር ስድስት ቤት ስለሚሄድ የቅያሬው ቁጥር ተጋማሽ መሆን አለበት፤ ሁሉንም ቁጥር አንድ ቤት ወደፊት መግፋት ግን 15 ቅያሬ ይፈልጋል። ስለዚህ ይህ ግብ የሚገኘው በሌላኛው ወገን፣ 14 እና 15 በተቀያየሩበት ወገን ነው። 13፣ 15፣ 14 ላይ ተጣብቆ የቀረ ተጫዋች ባዶውን ወደ ላይኛው የግራ ማዕዘን ወስዶ ቁጥሮቹን ከሁለተኛው ቤት ጀምሮ ቢያሰልፍ፣ 14 ከ15 ቀድሞ በተራው ይገባለታል።