በመረብ ኳስ ዙረት፣ የቦታ ቅደም ተከተልና ሊቤሮ እንዴት እንደሚሠሩ

ሰርቪስ ሊመታ አንድ ሰከንድ ሲቀረው የሚቀበለውን ቡድን ብትመለከቱ አቋቋሙ የተዘበራረቀ ይመስላል። ሁለት ሰዎች መረቡ ሥር ተጠጋግተው ቆመዋል፤ አንዱ ከሌላው ጀርባ ተደብቋል፤ ከሌሎቹ የተለየ ቀለም ያለው ማሊያ የለበሰው የኋላ ተከላካይ፣ ሊቤሮው፣ ደግሞ ከሜዳው ኋላ ጎንበስ ብሎ ይጠባበቃል። ኳሱ እንደተመታ ሁሉም በየአቅጣጫው ይሮጣል። የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ሕግ ነው፦ ተቀባዩ ቡድን ቅደም ተከተሉን እንዲጠብቅ የሚገደደው የሰርቪስ መቺው እጅ ኳሱን እስከሚነካበት ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ተጫዋች በሜዳው ውስጥ ወደፈለገበት መሄድ ይችላል። ይህን ካወቃችሁ የቀረው በወረቀትና በእርሳስ የሚፈታ ነው።

መጀመሪያ ሜዳውን በቁጥር ክፈሉት

ፊታችሁን ወደ መረቡ አዙራችሁ እንደቆማችሁ አስቡ። ከኋላ በስተቀኝ ያለው ቦታ 1 ነው፤ ሰርቪስ የሚመታውም በዚህ ቦታ ተራው የደረሰ ተጫዋች ነው። ከፊቱ፣ መረቡ አጠገብ በስተቀኝ ያለው 2 ነው። ከዚያ በመረቡ በኩል ወደ ግራ ስትሄዱ መሃሉ 3፣ ግራው 4 ይሆናል። ከ4 ኋላ ያለው 5፣ ከኋላ መሃል ያለው ደግሞ 6 ነው። 2፣ 3 እና 4 የፊት መስመር፣ 1፣ 6 እና 5 የኋላ መስመር ይባላሉ።

ቁጥሮቹ የሚያድጉት ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሆን ተጫዋቾቹ ግን የሚዞሩት በሰዓት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ 2 የነበረው ወደ 1 ይመጣል፣ 1 የነበረው ወደ 6፣ 6 ወደ 5፣ 5 ወደ 4፣ 4 ወደ 3፣ 3 ደግሞ ወደ 2 ይሄዳል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ስለሚምታታ ስድስቱን ሳጥን ስላችሁ ቀስት ብታደርጉበት ይጠቅማል።

መቼ እንደሚዞር ለዩ

ቡድን በየነጥቡ አይዞርም። የሚዞረው ተጋጣሚው በመታው ሰርቪስ የተጀመረውንና ነጥብ እስኪቆጠር የሚዘልቀውን ጨዋታ ራሱ ሲያሸንፍ፣ ማለትም ነጥቡንም ሰርቪሱንም ሲወስድ ብቻ ነው። የራሱን ሰርቪስ መትቶ ካሸነፈ ማንም ቦታውን አይቀይርም፤ ያው ተጫዋች እንደገና ይመታል። ተሸንፎ ሰርቪሱን ሲያጣም አይዞርም፤ በዚያ ጊዜ የሚዞረው ተጋጣሚው ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። ሴት የሚባለውን የግጥሚያ ክፍል በመቀበል የሚጀምር ቡድን የመጀመሪያ ሰርቪስ መቺው በ1 ላይ የተሰለፈው ሳይሆን በ2 ላይ የተሰለፈው ነው። ሰርቪሱን ለማግኘት መጀመሪያ መዞር አለበትና። አሰልጣኙ የአሰላለፍ ወረቀቱን ሲሞላ ይህን ካላሰበ ጥሩ ሰርቪስ መቺው ዙሩን ሁሉ ጠብቆ በመጨረሻ ይመታል።

ተጫዋቾቹን በትይዩ አሰልፉ

አሁን አንድ ቡድን እንውሰድና እስከ መጨረሻው እንከተለው። አንድ ሴተር አለ፤ ሁለተኛውን ኳስ ለአጥቂዎች የሚያመቻቸው እርሱ ነው። ሁለት የክንፍ አጥቂዎች (ክንፍ ሀ እና ክንፍ ለ)፣ ሁለት የመሃል ተጫዋቾች (መሃል ሀ እና መሃል ለ)፣ እንዲሁም የሴተሩ ትይዩ የሆነ አንድ አጥቂ አሉ። ሊቤሮው ከስድስቱ ውጭ ነው።

አሰላለፉ እንዲህ ነው፦ ሴተሩ 1፣ ክንፍ ሀ 2፣ መሃል ሀ 3፣ ትይዩው 4፣ ክንፍ ለ 5፣ መሃል ለ 6። ልብ በሉ፤ 1 ከ4፣ 2 ከ5፣ 3 ከ6 ጋር ሁልጊዜ ትይዩ ናቸው። ስለዚህ ቡድኑ የቱንም ያህል ቢዞር አንዱ መሃል ፊት ሲሆን ሌላው ኋላ ይሆናል፤ ክንፎቹም እንዲሁ። ሴተሩ ኋላ ሲሆን ፊት ሦስት አጥቂዎች ይኖራሉ፤ እርሱ ወደ ፊት ሲመጣ ግን ሁለት ብቻ ይቀራሉ፣ ትይዩው አጥቂም ከመረቡ 3 ሜትር ርቆ ከተሰመረው መስመር ኋላ ተነስቶ ያጠቃል።

የቦታ ስህተትን በእግር ለኩ

ሕጉ ተጫዋች በትክክል ሳጥኑ ውስጥ እንዲቆም አያስገድድም። የሚጠይቀው ከጎረቤቶቹ ጋር ያለውን ዝምድና ብቻ ነው። የፊት ተጫዋች ከእርሱ ኋላ ካለው ተጫዋች ይልቅ መረቡ ሥር ላለው የመሃል መስመር የቀረበ እግር ሊኖረው ይገባል፦ 2 ከ1፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5 ይቀድማሉ። በጎን ደግሞ 4 ከ3 በስተግራ፣ 3 ከ2 በስተግራ፤ ኋላ ላይም 5 ከ6 በስተግራ፣ 6 ከ1 በስተግራ ይሆናሉ። ዳኛው የሚያየው መሬት የነካውን እግር እንጂ ትከሻን ወይም እጅን አይደለም። በሰያፍ ያሉ ተጫዋቾች ግን አይነጻጸሩም። 4 ላይ ያለው ከ1 ኋላ ቢገኝ እንኳ የሌሎቹ ዝምድና እስካልተጣሰ ድረስ ስህተት የለም።

ወደ ቡድናችን እንመለስ። ተጋጣሚው ሰርቪስ ሊመታ ነው፣ ሴተሩም በ1 ላይ ነው። ኳሱን የሚቀበሉት ሦስት ሰዎች እንዲሆኑ ተወስኗል፦ ክንፍ ለ በግራ፣ በመሃል ለ ፈንታ የገባው ሊቤሮ መሃል ላይ፣ ክንፍ ሀ በቀኝ። ክንፍ ሀ የፊት ተጫዋች ቢሆንም ለመቀበል ወደ ኋላ አፈግፍጓል። ችግሩ የሚነሳው እዚህ ነው። ሴተሩ መረቡ ሥር ደርሶ ኳሱን ማመቻቸት ይፈልጋል፤ ነገር ግን ከክንፍ ሀ መቅደም አይችልም። ስለዚህ ከጀርባው ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ ይደበቃል፤ ኳሱ ሲመታ በጎኑ ወጥቶ ይሮጣል። ትይዩው አጥቂም በተለምዶ የሚመታው በቀኝ ሆኖ ሳለ ከመሃል ሀ በስተግራ መቆም ስላለበት የመጀመሪያውን ጥቃት በማይመቸው በግራ በኩል ያደርጋል። ኳሱ ወደ ተጋጣሚው ሜዳ ካለፈ በኋላ ነው ከክንፍ ሀ ጋር ቦታ የሚለዋወጡት። ብዙ ቡድኖች በዚህ ዙረት ላይ ተከታታይ ነጥብ የሚቆጠርባቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔም በልምምድ ከሁሉም ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ይመስለኛል።

የሚፈጸመው ስህተትም የታወቀ ነው፦ ሴተሩ ቸኩሎ ሰርቪሱ ሳይመታ ክንፍ ሀን ያልፋል። የተቀባዩን ቡድን አቋቋም የሚቆጣጠረው ሁለተኛው ዳኛ ፊሽካ ይነፋል፤ ነጥቡም ሰርቪሱም ለተጋጣሚው ይሆናል። ስህተቱ ከቪዲዮ በቀላሉ ይታወቃል። ምስሉን እጅ ኳሱን በሚነካበት ቅጽበት አቁማችሁ የሁለቱን እግር አነጻጽሩ።

ሰርቪስ የሚመታውን ቡድን በተመለከተ ሕጉ ተቀይሯል። ከ2025 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሕግ መሠረት የሚመታው ቡድን ተጫዋቾች በፈለጉት ቦታ መቆም ይችላሉ። የሰርቪስ ተራው ግን አሁንም ይጠበቃል። ውድድራችሁ የቀድሞውን ሕግ የሚከተል ከሆነ ሁለቱም ቡድኖች ይገደዳሉ።

ሊቤሮውን ከመሃል ተጫዋቾቹ ጋር አቀናጁ

ሊቤሮ በዓለም አቀፍ ውድድር የተጀመረው በ1998 ነው። ሥራው ከኋላ ሆኖ መቀበልና መከላከል ነው። የሚገባውም አብዛኛውን ጊዜ በመሃል ተጫዋቾች ፈንታ ነው፤ እነርሱ ቁመታቸው መረብ ላይ እንጂ መሬት ላይ ስለማያግዛቸው። መግባትና መውጣቱ በሴት ውስጥ ከተፈቀዱት 6 የተጫዋች ቅያሪዎች አይቆጠርም፣ ገደብም የለውም። ሆኖም የሚገባውና የሚወጣው ከሰርቪስ ፊሽካ በፊት፣ በተቀያሪዎች ወንበር ፊት ለፊት በ3 ሜትሩ መስመርና በኋለኛው መስመር መካከል ነው። በሁለት ቅያሬዎቹ መካከልም ቢያንስ አንድ ጨዋታ ተጠናቅቆ መሆን አለበት።

አሁን ቡድናችን ተቀብሎ ነጥቡን አሸነፈ እንበል። ይዞራል፤ ክንፍ ሀ ወደ 1 መጥቶ ሰርቪስ ይመታል፣ ሴተሩ 6፣ ሊቤሮው 5 ይሆናሉ። ሰርቪሱን ሲያጣ አይዞርም፤ በዚያው አሰላለፍ ይቀበላል። እንደገና ካሸነፈ ይዞራል፤ በዚህ ጊዜ ሊቤሮው ወደ 4 ሊሄድ ነው። 4 የፊት መስመር ስለሆነ መውጣት ግዴታው ነው። የሚተካውም ራሱ የተካው መሃል ለ ነው፤ ሌላ ተጫዋች በእርሱ ቦታ መግባት አይችልም። በዚያው ሰዓት መሃል ሀ 1 ላይ ደርሷል። በዓለም አቀፉ ሕግ ሊቤሮ ሰርቪስ ስለማይመታ መሃል ሀ ራሱ ይመታል፣ ሊቤሮውም ውጭ ይጠብቃል። ተጋጣሚው ነጥቡን ሲወስድ ሊቤሮው ሮጦ በመሃል ሀ ፈንታ ይገባል። በመውጣቱና በመግባቱ መካከል አንድ ጨዋታ ስለተጠናቀቀ ሕጉ ተጠብቋል።

ከዚያ በኋላ ሊቤሮው በ1፣ በ6 እና በ5 ያልፋል፤ ወደ 4 ሊደርስ ሲል መሃል ሀ ይመለሳል፣ መሃል ለ ደግሞ ሰርቪስ ይመታል። ሊቤሮው ከሜዳ የሚርቀው እንግዲህ አንዱ መሃል ሰርቪስ በሚመታበት ጊዜ ብቻ ነው።

ሊቤሮው ሜዳ ላይ ሳለ ብሎክ ማድረግ፣ ማለትም የተጋጣሚን ኳስ መረቡ ላይ ማገድም ሆነ መሞከር አይፈቀድለትም። ሙሉ በሙሉ ከመረቡ ጫፍ በላይ ያለ ኳስንም ከየትም ቦታ ሆኖ ወደ ተጋጣሚው መምታት አይችልም። በጣም የሚረሳው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የመጀመሪያውን ኳስ ሴተሩ ራሱ ካነሳው ማመቻቸቱ ለሊቤሮው ይደርሳል። ሊቤሮው ከ3 ሜትሩ መስመር ፊት ሆኖ በጣቶቹ ከላይ ቢያቀብል አጥቂው ከመረቡ ጫፍ በላይ ያለውን ኳስ መምታት አይችልም፤ ቢመታ ስህተት ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሊቤሮ ሁለቱንም እግሮቹን ከመስመሩ ኋላ አድርጎ ያቀብላል፤ ወይም ፊት ከደረሰ በጣቶቹ ፈንታ በክንዱ ያነሳዋል። በክንዱ ሲሆን ክልከላው አይሠራም።