ለፌስቡክ ሽልማት ውድድር ጽሑፍ፦ ክርክር የሚነሳው ከሰዓቱና ከዕጣው ነው

ደብረ ብርሃን ያለ ሱቅ አንድ የመንዝ በርኖስ ሊሸልም ቢፈልግ እንዲህ ይጻፍ፦

«አንድ በርኖስ በዕጣ እንሸልማለን። ለመሳተፍ በርኖሱን ለማን እንደሚሰጡት ከዚህ ሥር ይጻፉ፤ ለምሳሌ ለአባቴ። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ። የሚዘጋው ጥር 20 ከምሽቱ 12 ሰዓት (ስልክዎ ላይ 6:00 PM) ነው። ዕጣው በማግስቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት በቀጥታ ሥርጭት ይወጣል። አሸናፊው በ3 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ ተጠባባቂው ይወስዳል። ከሱቃችን ይረከባሉ፤ ክፍያ አንጠይቅም። ውድድሩ ከፌስቡክ ጋር ግንኙነት የለውም።»

የስልኩ ሰዓት የተጨመረው «12 ሰዓት» ሲባል እኩለ ሌሊት የሚመስለው ስለማይጠፋ ነው። «ሼር ያድርጉ፣ ጓደኛ ታግ ያድርጉ» የሚል ግዴታ አይግባ፤ ፌስቡክ ይከለክላል፣ ደግሞም በግል ገጽ የተጋራውን ሁሉ ማየት ስለማይቻል ቆጠራው አይታመንም። ላይክ የበዛለት ያሸንፋል ማለትም ዘመድ የበዛለትን መሸለም ነው።

ሰዓቱ ሲደርስ የተሳታፊዎቹን ዝርዝር ፎቶ አንሱ። መጀመሪያ ግን ማሳያውን ወደ All comments ቀይሩ፤ አለዚያ ፌስቡክ የሚደብቃቸው ከዕጣው ይቀራሉ። የተደገመውን ስም ሰርዛችሁ ለቀሪዎቹ በገቡበት ቅደም ተከተል ቁጥር ስጡና ዝርዝሩን ከዕጣው በፊት ለጥፉ፤ የተዘለለ ሰው ካለ ያኔ ይናገራል። ቁጥሮቹን በእኩል ወረቀት ጽፋችሁ፣ እኩል አጥፋችሁ፣ ከሱቁ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ሁለት ያውጣ፦ የመጀመሪያው አሸናፊ፣ ሁለተኛው ተጠባባቂ። የሱቁ ቤተሰብ አይሳተፍም፤ ይህንንም ጽሑፉ ላይ ጨምሩት።