ዓረብኛ ኢሜይል መሃል የሰፈር ቋንቋ ሲገባ የቱን ማረም?

ገልፍ አገር ቢሮ የምትሠሩ፣ በፉስሓ፣ ማለትም በመደበኛው የጽሑፍ ዓረብኛ፣ የጀመራችሁት ኢሜይል መሃል ላይ የሰፈር ዓረብኛ ከሆነባችሁ ሁሉንም ለማረም አትልፉ። መጀመሪያ ትንንሾቹን አያያዥ ቃላት እዩ፤ አንባቢው ቶሎ የሚነቃባችሁ በእነሱ ነው።

እኔ በቀደም እንዲህ ጽፌ ልልከው ነበር፦ "አብጋ አዕሪፍ ሌሽ አልፋቱራ ኢሊ አርሰልቱሃ ማ ወሰለት"። የላክሁት ኢንቮይስ ለምን እንዳልደረሰ ማወቅ እፈልጋለሁ ለማለት ነው። "አብጋ"ን "አወዱ" አልኩት፣ ግን ፉስሓ ከኋላው "አን" ስለሚፈልግ "አወዱ አን አዕሪፍ" ሆነ፤ ይቺን ብዙ ሰው ይረሳታል። "ሌሽ" "ሊማዛ" ሆነ። "ኢሊ" ለወንድም ለሴትም ያው ነው፣ ፉስሓ ግን ይለያል፤ ፋቱራ ሴቴ ስለሆነች "አለቲ"።

"ማ ወሰለት"ስ? እሱ ፉስሓም ላይ ስላለ ብትተዉትም ስህተት አይደለም። ለኢሜይል "ለም ተሲል" ይሻላል፣ ግን "ለም ወሰለት" እንዳትሉ! ከ"ለም" በኋላ የሚመጣው የአሁን ጊዜ ግስ ነው፤ እንዲህ ያለው ግማሽ እርማት ከሰፈር ቋንቋው ራሱ ይብሳል። "አይደለም" ለማለት የገባ "ሙ" ወይም "ሙሽ" ካለ ግን ያለ ጥያቄ ይቀየር።

"የዕጢኩም አልዓፊያ" የሚለውን "ጤና ይስጣችሁ" ዓይነት ምርቃት ለሥራ ባልደረባ ስትጽፉ እንዳለ ተዉት። ለመሥሪያ ቤት የሚገባ ማመልከቻ ከሆነ ብቻ አውጡት።