ወርሃዊ ልገሳን ሲያቋርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የለጋሾች ጉዳይ ክፍል ለዓመታት ስሠራ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ መልእክት «ልገሳዬን ካቆምኩ ወራት አልፈዋል፤ ገንዘቤ ግን አሁንም እየተቆረጠ ነው» የሚለው ነበር። እንዲህ ብሎ የሚጽፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው፤ ለማቆም አንድ ነገር በእርግጥ አድርጓል። ያደረገው ነገር ግን ገንዘቡን በየወሩ ወደሚስበው ሥርዓት አልደረሰም።

ካርድ መቀየርን እንደ ማቋረጫ መቁጠር

ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ለጋሹ የካርዱ የአገልግሎት ዘመን ሊያበቃ መቃረቡን ያያል፤ «አዲሱን ቁጥር ለድርጅቱ ካልሰጠሁ ልገሳው በራሱ ይቆማል» ብሎ ያስባል፤ ድርጅቱን ደውሎ «በቃኝ» ማለት ስለሚከብደውም ይህ መንገድ ጨዋነት ይመስለዋል። ነገር ግን ቪዛም ሆነ ማስተርካርድ የካርድ መረጃ ማደሻ አገልግሎት አላቸው። ባንኩ አዲስ ካርድ ሲያወጣ፣ አዲሱ ቁጥርና አዲሱ ማብቂያ ቀን የቀድሞውን ካርድ መዝግበው ለያዙና በአገልግሎቱ ለሚጠቀሙ ክፍያ ተቀባዮች ሊተላለፍ ይችላል። አሮጌው ካርድ ተቆራርጦ ከተጣለ በኋላ ልገሳው በአዲሱ ላይ ይቀጥላል፤ ለጋሹም ቁጥሩን ለማንም ስላልሰጠ ተሰረቅሁ ብሎ ይደነግጣል። በዚህ አገልግሎት የሚሳተፈው ሁሉም ባንክ፣ የሚጠቀምበትም ሁሉም ድርጅት ስላልሆነ የአንዱ ልገሳ በካርድ መቀየር ሲቆም የሌላው ይቀጥላል። ከወዳጅዎ አንዱ «እኔ እንዲሁ ነው ያቆምኩት» ቢልዎት ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ለእርስዎ ግን ዋስትና አይሆንም።

በሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ እንዳይኖር ማድረግም የዚሁ ስህተት ወንድም ነው። ያልተሳካ ክፍያ ተሰርዟል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ሥርዓቶች ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግመው ይሞክራሉ፤ ደመወዝ በገባ ማግስትም ይሳካላቸዋል።

ከኢሜይል ዝርዝር መውጣት

ዜና መላኪያው ዝርዝርና የክፍያ መዝገቡ የተለያዩ ናቸው፤ ከመጀመሪያው ሲወጡ ደብዳቤው ይቆማል፣ ገንዘቡ ግን መሄዱን ይቀጥላል፤ ስለ ክፍያው የሚነግርዎት መልእክትም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ገንዘቡን የሚስበው ማን እንደሆነ ሳያውቁ ማቋረጥ

ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ ከሆነ ለባንክዎ ትዕዛዙን የሰጡት እርስዎ ነዎት፤ የሚሰርዙትም ባንክዎ ዘንድ ነው፤ ድርጅቱ ቢፈልግ እንኳ ሊያቆምልዎት አይችልም። ቀጥታ ተቀናሽ ከሆነ ድርጅቱ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ገንዘቡን ከሂሳብዎ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ፈቃዱን ባንኩ ዘንድ መሰረዝና ለድርጅቱም ማሳወቅ ይገባል። በካርድ ከሆነ ማቋረጥ ያለበት ድርጅቱ ነው። በልገሳ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ በኩል ከሆነ ደግሞ ትዕዛዙ የተመዘገበው በዚያ ድረ ገጽ ስለሆነ ወርሃዊ ልገሳው የሚቋረጠው እዚያው ካለው የለጋሽ ገጽዎ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግርዎት የባንክ ሂሳብ መግለጫዎ ነው፤ በመግለጫው ላይ የሚታየው ስም ግን የድርጅቱ ሳይሆን የማሰባሰቢያው ድረ ገጽ ወይም ክፍያውን የሚያስተላልፈው ኩባንያ ሊሆን ስለሚችል፣ ከስሙ ይልቅ መጠኑንና የወሩን ቀን ይከተሉ።

ያለዎት ልገሳ አንድ ብቻ እንደሆነ ማመን

አንዲት ለጋሽ በየወሩ በ5ኛው ቀን 20 ዶላር ይሰጡ ነበር። በአንድ ዘመቻ ወቅት መጠኑን ወደ 30 ከፍ ለማድረግ ፈለጉና የነበረውን ከማስተካከል ይልቅ በድረ ገጹ ላይ ያገኙትን ቅጽ እንደ አዲስ ሞሉ። አሮጌው ሳይነካ አዲሱ በ18ኛው ቀን መቆረጥ ጀመረ፤ 30 ሰጠሁ ሲሉ 50 እየሰጡ ነበር። ከዓመት በኋላ እንዲቋረጥላቸው ጻፉ፤ የሥራ ባልደረባችን በኢሜይላቸው ፈልጎ የ30ውን አገኘና አቋረጠ፤ ማረጋገጫም ላከላቸው። የ20ው ለሰባት ወራት ቀጠለ፤ በድምሩ 140 ዶላር ሆነ።

ሁለተኛው ልገሳ ያልታየን በቀድሞ የሥራ ኢሜይላቸው ተመዝግቦ ስለነበር ነው። ያገኘነው የካርዱን መጨረሻ አራት አሃዞች፣ የተቆረጠበትን ቀንና መጠኑን ከሂሳብ መግለጫቸው ላይ ከላኩልን በኋላ ነው። 140ውን መለስንላቸው፤ እርሳቸው ግን «ማረጋገጫ ስለነበረኝ መግለጫዬን መመልከት ተውኩ» አሉኝ፤ ይህ ቃላቸው እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ማረጋገጫው እውነተኛ ነበር፤ ያረጋገጠው ግን የአንዱን መቋረጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዎን ሲጽፉ በዚህ መልኩ ቢሆን ይሻላል፦ «በስሜ የተመዘገቡ ወርሃዊ ልገሳዎችን በሙሉ እንድታቋርጡልኝ እጠይቃለሁ። መጨረሻ የተከፈለው በዚህ ቀን፣ በዚህ መጠን፣ መጨረሻ አራት አሃዞቹ እነዚህ በሆኑ ካርድ ነው። ስመዘገብ ከእነዚህ ኢሜይሎች አንዱን ተጠቅሜ ሊሆን ይችላል። የተቋረጠበትን ቀንና ከዚህ በኋላ የሚወሰድ ክፍያ ካለ በጽሑፍ አሳውቁኝ።» ሙሉውን የካርድ ቁጥር በኢሜይል ፈጽሞ አይላኩ፤ ለፍለጋው አራቱ አሃዞች ይበቃሉ።

በቃል ብቻ ማቋረጥ

በዚህ ስህተት ውስጥ ጥፋተኛው እኔም ነበርኩ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ አዛውንት ደውለው እንዲቋረጥላቸው ጠየቁኝ፤ አመስግኜ በለጋሾች መዝገብ ላይ «ተቋርጧል» ብዬ ጻፍኩ። መዝገቡና ክፍያውን የሚያስኬደው ሥርዓት እንደማይገናኙ፣ በሁለተኛውም ገብቼ ማቆም እንደነበረብኝ አላወቅሁም። በእኛ መዝገብ ላይ ልገሳቸው ተቋርጦ ሳለ ከሂሳባቸው ግን መቆረጡ ቀጠለ። ደግመው ሲደውሉ ያነሳው ሌላ ሠራተኛ መዝገቡን አይቶ «ተቋርጧል» ብሎ አሰናበታቸው። በጽሑፍ የተሰጠ፣ ቀን ያለበት ማረጋገጫ በእጃቸው ቢኖር ኖሮ ጉዳዩ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። ገንዘባቸው ተመልሷል፤ ሁለት ጊዜ መለመናቸው ግን አሁንም ይከነክነኛል።

በመጨረሻው ቀን መጠየቅ

በተለይ ቀጥታ ተቀናሽ የሚጠየቀው በጥቅል ነው፤ ዝርዝሩ ከመቁረጫው ቀን ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ወደ ባንክ ይሄዳል። ከሄደ በኋላ ለድርጅቱ የሚደርስ የማቋረጥ ጥያቄ የሚሠራው ለሚቀጥለው ወር ነው። አሥር ቀን ያህል አስቀድመው ይጠይቁ፤ አንድ ክፍያ ቢያመልጥ ግን ወዲያው ማታለል ነው ብለው አይደምድሙ፤ እንዲመለስ ይጠይቁ።

ድርጅቱን ሳያናግሩ ክፍያውን ባንክ ዘንድ መቃወም

ባንኩ ክፍያውን ሲገለብጥ ድርጅቱ የተቀበለውን ከመመለሱ በላይ የመቃወሚያ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል፤ ይህም ከልገሳው መጠን ሊበልጥ ይችላል። ደግሞም የአንድ ወር ክፍያ መገልበጥ በራሱ የቀጣዩን ወር አያቆምም። በጽሑፍ ጠይቀው መልስ ካጡ፣ ወይም ማረጋገጫ ከተሰጠዎት በኋላ እንደገና ከተቆረጠ፣ ያን ጊዜ መቃወም መብትዎ ነው፤ ማረጋገጫውንና ከዚያ በኋላ የተቆረጠበትን ቀን የሚያሳየውን መግለጫ ይዘው ይሂዱ። የመቃወሚያ ጊዜው የተወሰነ ስለሆነ መልስ በመጠበቅ ወራት እንዳያልፉ።

ከተቋረጠ በኋላ ሁለት የመቁረጫ ቀናት እስኪያልፉ መግለጫዎን ይመልከቱ፤ አንደኛው ቀድሞ ተልኮ የነበረውን ክፍያ ሊያሳይ ይችላል፤ በሁለተኛውም ከተቆረጠ ግን በሌላ ኢሜይል ወይም በሌላ ድረ ገጽ የተመዘገበ ልገሳ ሊኖር ይችላልና ፍለጋው ከዚያ ይጀምር።