ሚዛኑ ዝም ሲል ወገብ ሲሰፋ፦ የማረጥ ዕድሜ ቦርጭ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ

አንዲት የ51 ዓመት ሴት በምሳሌነት እንውሰድ። ሥራዋ አራት ኪሎ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ቤቷ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ። የወር አበባዋ መዛባት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አንዳንዴ ሁለት ወር ይዘላል፣ ሌሊት ላብ ያጠምቃታል። «አበላሌ ያው ነው፣ ኪሎዬም ያው ነው፤ ግን ቀሚሴ ሆዴ ላይ አልዘጋ ብሎ ዳሌዬ ላይ ሰፋኝ» ትላለች።

አላጋነነችም። ከሁለት ዓመት በፊት የሀበሻ ቀሚስ ስታሰፋ ልብስ ሰፊዋ ደብተር ላይ የጻፈችው ልክ ወገብ 84፣ ዳሌ 106 ሴንቲ ሜትር ይላል። ዛሬ ወገቧ 91፣ ዳሌዋ 104 ነው። ሚዛን ላይ ግን ከ69 ወደ 70 ኪሎ ብቻ ነው የሄደችው። አንድ ኪሎ ሰባት ሴንቲ ሜትር ወገብ አያሰፋም፤ ስለዚህ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

መንስኤው

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተደባልቀው ነው የሚመጡት። አንደኛው የክብደት መጨመር ነው። ይህ በአብዛኛው የዕድሜና የመቀመጥ ውጤት ነው፤ በጎልማሳ ዕድሜ ሰው በዓመት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይጨምራል፣ ወንዱም ጭምር። ሁለተኛው ስቡ የሚቀመጥበት ቦታ መቀየሩ ነው። ይህኛው የሆርሞን ጉዳይ ነው።

ሴት ልጅ የወር አበባ በምታይባቸው ዓመታት ኢስትሮጅን ስቡ ጭን፣ ዳሌና መቀመጫ ላይ፣ ከቆዳ ሥር እንዲከማች ያደርጋል። እዚያ ያሉት የስብ ሴሎች የያዙትን በቀላሉ አይለቁም፤ ለእርግዝናና ለማጥባት የተቀመጠ ስንቅ ነውና። ማረጥ ሲቃረብ ኢስትሮጅን መጀመሪያ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል። ዳሌና ጭን ያንን ቅድሚያ ያጣሉ። እንቁላል ማምረቻዎቹ በተፈጥሮ የሚያመነጩት ጥቂት የወንድ ሆርሞን ደግሞ እንደ ኢስትሮጅን ፈጥኖ ስለማይወርድ ሚዛኑ ወደ እሱ ያደላል። ከዚህ በኋላ ትርፉ ስብ የሚሄደው ወደ ሆድ ዕቃ፣ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ ነው። ከማረጥ በፊት ከጠቅላላው የሰውነት ስብ ከ5 እስከ 8 በመቶ ገደማ የነበረው የሆድ ውስጥ ስብ፣ ከማረጥ በኋላ ከ15 እስከ 20 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

በአሜሪካ ሴቶችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለው «ስዋን» የተባለው ጥናት ያገኘውን ማወቅ ይጠቅማል። ወደ ማረጥ ሽግግሩ ሲጀመር ስብ የሚጨምርበት ፍጥነት በእጥፍ ያድጋል፣ በዚያው ጊዜ ጡንቻ መቀነስ ይጀምራል። ይህ የመጨረሻው የወር አበባ ከታየ በኋላ እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ይቀጥልና ይረጋጋል። ክብደት ብቻውን ሲታይ ግን በዚያ ወቅት ያን ያህል የተለየ ዝላይ የለውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሁለት ኪሎ ተኩል ስብ ገብቶ አንድ ኪሎ ተኩል ጡንቻ ቢወጣ ሚዛኑ የሚያሳየው አንድ ኪሎ ነው። የእኛዋ ሴት ዳሌና ጭን የሳሳው፣ ሆዷ የገፋው ለዚህ ነው።

የሆድ ውስጥ ስብ ነገር የቁመና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀሚስ በማስፋት ባለቀ ነበር። ከዚያ የሚለቀቀው ቅባት በደም ሥር ወደ ጉበት ይገባል፤ ጉበት ለኢንሱሊን መታዘዙን ይቀንሳል፤ ስኳርና የደም ቅባት ይጨምራሉ።

መጀመሪያ በትክክል ለኩ

የልብስ ስፌት ሜትር ይበቃል። ጠዋት ምግብ ሳትቀምሱ፣ ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ፣ የመጨረሻውን የጎድን አጥንትና የዳሌ አጥንት ጫፍ በእጃችሁ ፈልጉ። ሜትሩ የሚዞረው በሁለቱ መካከል ነው፣ ቀሚስ በሚታሰርበት ቦታ አይደለም። ትንፋሽ አውጡና ሆዳችሁን ሳትስቡ አንብቡ። (ሆድ መሳብ የሁላችንም አመል ነው፤ ሜትሩን ግን አያታልልም፣ የሚያታልለው እኛን ነው።) ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ከ88 በላይ ከሆነ አደጋው ጎልቷል። ሌላው ቀላል መለኪያ ወገብ ከቁመት ግማሽ እንዳይበልጥ ማየት ነው፤ የእኛዋ ሴት ቁመቷ 160 ስለሆነ ድንበሯ 80 ነበር፣ 11 ሴንቲ ሜትር አልፋዋለች።

ማረጥ የሚመስል ግን ያልሆነ

ሁሉንም በዕድሜ ማሳበብ አይገባም። የሦስት ወር የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ የምትወስድ ሴት የወር አበባዋ ሊቆም፣ ክብደቷም ሊጨምር ይችላል፤ ያ ግን ማረጥ አይደለም። ማረጥ የሚባለው ያለ እንዲህ ያለ መድኃኒት 12 ወር ሙሉ የወር አበባ ሳይታይ ሲቀር ነው። በ45 ዓመት ወር አበባ የቀረባት ሴት ደግሞ አስቀድማ የእርግዝና ምርመራ ታድርግ፤ የሚያስቅ ይመስላል፣ ግን ያጋጥማል።

ብርድ አልችል ማለት፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅና ድካም ከክብደት ጋር ከመጡ የታይሮይድ ምርመራ ማዘዝ ያስፈልጋል። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ፊታቸው ይከብባል፣ ሆዳቸው ይገፋል፣ እጅና እግራቸው ይቀጥናል፤ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ በድንገት ማቆም ግን አደገኛ ነው፣ ሐኪም ነው ቀስ በቀስ የሚያወርደው። ሆድ በዓመታት ሳይሆን በሳምንታት ውስጥ ከተነፋ፣ ጥቂት ጎርሶ መጥገብ ከመጣ፣ ወይም ፊትና ክንድ እየከሱ ሆድ ብቻ ካደገ ቦርጭ ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ፈሳሽ ወይም ዕጢ ሊሆን ስለሚችል አልትራሳውንድ ያስፈልጋል።

መፍትሄው፣ በዚያችው ሴት

መጀመሪያ የሞከረችው ምሳ መተው ነበር። በሁለት ወር ሦስት ኪሎ ቀነሰች፣ ወገቧ ግን አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ቀነሰ፤ እግሯ ቀጠነ፣ ፎቅ መውጣት ከበዳት። ከቀነሰችው ቀላል የማይባለው ጡንቻ ነበር። ምግብ ብቻውን ሲቀነስ በዚህ ዕድሜ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ቦርጭ ማጥፊያ ቀበቶ፣ ሎሚ በሙቅ ውሃና ሆድ ብቻ የሚያሠራ ስፖርትም ስቡን ከሆድ ለይተው አያወጡም።

ስለዚህ ከጡንቻ ተጀመረ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመካከሉ እያረፈች፦ ከወንበር በእጅ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ 10 ጊዜ፣ ግድግዳ መግፋት 10 ጊዜ፣ አምስት ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን በእያንዳንዱ እጅ አንጠልጥሎ ኮሪደሩን መመላለስ። ይህን ሦስት ዙር። ቁም ነገሩ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ድግግሞሾች መክበዳቸው ነው፤ ካልከበዱ ጡንቻ የሚያድግበት ምክንያት የለም። ሲቀላት ከወንበሩ የምትነሳው ጀሪካኑን ደረቷ ላይ ይዛ ሆነ።

የሆድ ውስጥ ስብ በሚያለከልክ እንቅስቃሴ ይቀንሳል፣ ኪሎ ባይቀንስም እንኳ። በሳምንት 150 ደቂቃ ማለት በአምስት ቀን 30 ደቂቃ ነው። መሀል ከተማ ለዚህ ጂም አያስፈልግም፣ ዳገት አለ። ከለገሃር ቸርችልን ሽቅብ ወደ ፒያሳ፣ ወይም ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በፍጥነት መራመድ በቂ ነው። ልኩ፣ እየተራመዱ ማውራት እየተቻለ መዝፈን ሲያቅት ነው። እሷ ጠዋት ከታክሲ ቀድማ መውረድ መረጠች። ጉልበት የሚያማት ሴት ዳገቱን በእግር ወጥታ ቁልቁለቱን በታክሲ ትመለስ፤ ጉልበትን ይበልጥ የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው።

ከምግብ የተቀየረው ጥቂት ነው። የእሷ ችግር የጾም ወራት ነበሩ፤ ጾሙ ራሱ ሳይሆን ከጾሙ ጋር የሚመጣው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሲቀሩ ፕሮቲኑ ይወርዳል፣ ቦታውን ዳቦ፣ ድንችና ዘይት ይይዙታል። በዚህ ዕድሜ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ጡንቻን ለመጠበቅ ይረዳል፤ ለ70 ኪሎ ሴት ከ70 እስከ 84 ግራም ማለት ነው። (የኩላሊት ሕመም ያለባት ሐኪሟን ትጠይቅ።) መቶ ግራም ደረቅ ምስር፣ ሽምብራ ወይም ባቄላ ከ20 እስከ 25 ግራም ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ሽሮው ወፈር ብሎ፣ ምስሩ ከእንጀራው በልጦ፣ መክሰሱ ቆሎና የተቀቀለ ባቄላ ሆነ። ዘይቱ ደግሞ ከጠርሙሱ በቀጥታ መንቆርቆሩ ቀርቶ በሾርባ ማንኪያ ተለካ፤ አንድ ማንኪያ 120 ካሎሪ አካባቢ ነው፣ ወጡ ላይ ግን አይታይም። ሻይም ይቆጠራል፦ በቀን ሦስት ብርጭቆ፣ በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ በድምሩ 36 ግራም ገደማ።

የቀረው እንቅልፍ ነው። ሌሊት በላብ የምትነቃ ሴት በነጋታው ርሃቧ ይጨምራል፣ ጣፋጭ ያምራታል። የምሽቱን ቡና ወደ ቀን ማምጣት፣ ከአንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ይልቅ ሁለት ስስ መደረብ ያግዛል። ላቡን የሚያመጣው የማረጥ ሙቀት ሥራና እንቅልፍ ከነሳ ስለ ሆርሞን ሕክምና የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ማማከር ነው። ሕክምናው ለሙቀቱ ጥሩ ነው፣ የስቡን ወደ ሆድ መሄድም በመጠኑ ሊገታ ይችላል፤ ለመክሳት ግን አይታዘዝም። የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ለነበረባት፣ ምክንያቱ ላልታወቀ የማህፀን ደም መፍሰስም አይሰጥም።

ካልሠራ

በየአራት ሳምንቱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ለኩ። በሦስት ወር ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር መቀነስ ጥሩ ውጤት ነው፣ ሚዛኑ ባይነቃነቅም። እሷ በሦስተኛው ወር 88 ላይ ደረሰች፣ ኪሎዋ 68 ነበር። ወገቡ ምንም ካልተለወጠ መጀመሪያ የሚመረመረው የዘይቱ ማንኪያ ነው፤ ቀጥሎ ጀሪካኑ አሁንም ይከብዳል ወይ የሚለው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ወደ ታይሮይድና ወደ መድኃኒቶቹ ዝርዝር መመለስ ነው።

ወገቧ ከ80 ያለፈ ሴት በዚሁ አጋጣሚ ግፊቷንና በባዶ ሆድ የደም ስኳሯን ጤና ጣቢያ ትለካ። ስኳሩ ከ100 እስከ 125 ከሆነ ቅድመ ስኳር ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይደገማል፣ ሁለተኛውም እንደዚያው ከሆነ የስኳር ሕመም ነውና ሕክምና ይጀመራል።