የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ በስልክ፦ ፊት ሲጠቁር፣ ድምፅ ሲቆራረጥ፣ ዓይን ሲሸሽ

ደሴ ተቀምጦ ኮምቦልቻ ላለ ፋብሪካ ሥራ የሚያመለክት ሰው አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት ለቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ሊጠራ ይችላል። አንዲት የሂሳብ አያያዝ ምሩቅ በቀጠሮዋ ዋዜማ ለሙከራ ስትደውልልኝ ፊቷ ጥቁር ጥላ ነበር፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል፤ ዓይኗም ወለሉን ያያል። የሦስቱም መፍትሄ መስኮቱ ጋ ተገኘ።

ፊት ይጠቁራል

መስኮቱ ከጀርባዋ ነበር። ካሜራው የበዛውን ብርሃን ለመቀነስ ምስሉን በሙሉ ሲያጨልም ፊት አብሮ ይጨልማል። ወንበሯን አዙራ ፊቷን ወደ መስኮቱ ስታደርግ ወዲያው ጠራ። ፀሐይ በቀጥታ ከገባ ስስ መጋረጃ ይሳቡ። ሙከራው በቀጠሮው ሰዓት ይሁን፤ የጠዋቱ ብርሃን የከሰዓቱ አይደለምና።

ድምፅ ይቆራረጣል

መጀመሪያ የራስዎን ቪዲዮ ያጥፉ። ድምፁ ከጠራ መስመሩ ቪዲዮውን መሸከም አቅቶታል ማለት ነው፤ ጥሩ ምስል በሰከንድ 600 ኪሎቢት ገደማ ሲፈልግ ድምፅ ብቻውን ከ100 በታች ይበቃዋል። ካልጠራ ቦታ ይቀይሩ። የድንጋይና የኮንክሪት ግድግዳ ሲግናል ያዳክማል፤ ከጦሳ ተራራ ሥር ባሉት ተዳፋት ሰፈሮች ደግሞ ከፍታው ራሱ ሊጋርደው ይችላል። ልጅቷ ወደ መስኮቱ ስትጠጋ መቆራረጡ ቀነሰ።

አልፎ አልፎ ብቻ ድንገት የሚቋረጥ ከሆነ ግን ሌላ መንስኤ ይፈልጉ። በብዙ ባለሁለት ሲም ስልኮች ላይ በአንዱ ሲም ጥሪ ሲገባ የሌላው ዳታ ይቆማል። ስለዚህ ሁለተኛውን ሲም ለጊዜው ያጥፉት፤ ቤተሰብም በዚያ ሰዓት እንዳይደውል ይንገሩ። ዋይፋይ የሚጠቀሙም መብራት ቢጠፋ ራውተሩ አብሮ ስለሚጠፋ የሞባይል ዳታ አስቀድመው ይግዙ።

በቃለ መጠይቁ መካከል ቢቆራረጥ ዝም ብሎ መቀጠል መልስን ያባክናል። «ይቅርታ፣ ድምፅዎ እየተቆራረጠብኝ ነው፤ ቪዲዮዬን አጥፍቼ ልቀጥል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ዓይን ይሸሻል

ስልኩ ጭን ላይ ሲሆን አንገት ይደፋል። በመስኮቱ ደፍ ላይ መጻሕፍት ደርድረው ካሜራውን ከዓይንዎ እኩል ያድርጉት። ስልኩን አግድም ካጋደሙት ካሜራው ወደ ጎን ስለሚሄድ ዓይንዎ ወደ ሌላ ቦታ የሚያይ ይመስላል፤ አቁመው ይያዙት። የራስዎ ምስል ዓይንዎን እንዳይስብ ትንሿን ሳጥን ወደ ታችኛው ጥግ ይግፏት።

ሲያዳምጡ የጠያቂውን ፊት፣ ሲመልሱ ሌንሱን ይመልከቱ። ታላቅን ትኩር ብሎ ማየት ነውር ነው ተብሎ ላደገ ሰው ይህ ይከብዳል፤ የልጅቷም ትልቁ ችግር እሱ ነበር። መልሷን ሁሉ ሌንሱን እያየች መናገር ስላቃታት፣ የእያንዳንዱን መልስ የመጀመሪያና የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ብቻ ወደ ሌንሱ እንድትል ተስማማን፤ ያንን ቻለችው።